እድር ሲፈርስ ዳኛው ምን ብለው ይናገሩ?

(ምስል፦ ድንኳን ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ የእድር አባላት)

ተራኪ፦ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። ለረጅም ዓመታት አብረው ሲቀብሩና ሲያስተዛዝኑ የኖሩ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ሲበተኑ፣ ድንኳንና ወንበር አስጭኖ በጊዜ ለቅሶ ቤት መድረስ ለእድሩ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ጉባኤው እድሩ እንዲፈርስ ከወሰነ በኋላ፣ ውሳኔውን በአባላቱ ፊት ቆሞ የመናገሩ ከባድ ኃላፊነት በዳኛው ላይ ይወድቃል።

ለአብነት 160 አባላት ያሉትን አንድ እድር እናስብ። ጉባኤው በደንቡ መሠረት ድምፅ ሰጥቷል፤ አሁን ለስብሰባ የተጠሩት በዚያ ቀን ያልተገኙትን ጨምሮ ሁሉም አባላት ናቸው። በዚህ ጊዜ ዳኛው የእድሩን ታሪክ ከምሥረታው ጀምሮ ቢተርኩ፣ ወሬውን በጭምጭምታ የሰሙት አረጋውያን ልባቸው ተሰቅሎ ይቆያል። ስለዚህ ሰላምታው እንዳበቃ ውሳኔው ይነገር።

(ምስል፦ ዳኛው ወረቀት ይዘው ሲቆሙ)

ዳኛው፦ «የተከበራችሁ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፤ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ያሳዝናል። ጠቅላላ ጉባኤያችን እድራችን ከሰኔ 30 በኋላ ሥራውን እንዲያቆም ወስኗል። አባሎቻችን ተራርቀው ስለሰፈሩ፣ ሐዘን ሲደርስ ፈጥነን መድረስ አልቻልንም።»

ተራኪ፦ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማብቃቱን ልብ ይሏል። ዳኛው መዋጮ ያቋረጡትን ቢወቅሱ ወይም የኮሚቴውን ድካም ቢዘረዝሩ፣ ስብሰባው ወደ ክርክር ይለወጣል፤ ሐዘኑም ሰሚ ያጣል። ከዚህ በኋላ ጥቂት ዝም ማለት ተገቢ ነው። የሚያለቅስ ካለ ያልቅስ፤ አይዞአችሁ ለማለትም አይቸኮል።

በእኔ እምነት የንግግሩ እምብርት ቀጥሎ ያለው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዋጮ ሲከፍሉ የኖሩ አንዲት እናት በዚያች ሰዓት የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል? ርኅራኄ የሚታየው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ እንጂ በሚያባቡ ቃላት ብዛት አይደለም። ያረጁ እድሮች ንብረታቸው ብዙ በመሆኑ ከአዲስ ገቢ ከፍ ያለ የመግቢያ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ክፍያው ከተፈጸመ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ካላለፈ አገልግሎት አይሰጡም። በዚህ መካከል ሰው ያለ እድር እንዳይቀር፣ መልሱ ቀንና መጠን ያለው መሆን አለበት።

ዳኛው፦ «እስከ ሰኔ 30 ድረስ ሐዘን ቢደርስ እድራችን እንደ ወትሮው ይቀብራል። በባንክ ካለን 680,000 ብር ውስጥ 40,000 ብር ለእነዚህ ወራት ወጪ ይቀመጣል። ቀሪው 640,000 ብር ለ160 አባላት እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ይደርሰዋል፤ ገንዘቡንም ከግንቦት 1 ጀምሮ እንከፍላለን፤ ወደ አዲስ እድር ለመግባት እንዲረዳችሁ አስቀድመን ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ኮሚቴው ራሱ በአዲሱ ሰፈራቸው ወዳለ እድር ወስዶ ያስመዘግባል።»

ተራኪ፦ ከተቀመጠው ገንዘብ የሚተርፍ ቢኖር እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ድንኳኑ፣ ድስቱና ወንበሩም ለማን እንደሚሰጡ ጉባኤው የወሰነውን በአጭሩ መናገር ይበቃል። ያልተወሰነ ነገር ካለ «ይህ ገና አልተወሰነም፤ በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ይባል እንጂ ለማጽናናት ሲባል ቃል አይገባ። «እድራችን አንድ ቀን ተመልሶ ይቋቋማል» የሚል ተስፋ ደግ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰሚው እርሱን አምኖ አዲስ እድር ሳይገባ ከቆየ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ሞት በመጣ ዕለት ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ወሬውን ከሕዝብ ጋር እኩል መስማት የለበትም፤ እርሱም ጥሩምባ እየነፋ ለቅሶ ሲጠራ የኖረው የእድሩ ሠራተኛ ነው። እድሩ ሲፈርስ እርሱ ደመወዙንም ያጣል፤ ስለዚህ ዳኛው አስቀድመው ለብቻው ሊያነጋግሩትና የሚከፈለውን ሊያሳውቁት ይገባል። በስብሰባው ላይ ግን በስሙ ጠርተው ያመስግኑት።

ንግግሩ ሲያልቅ ዳኛው ወረቀታቸውን አጥፈው አይሂዱ፤ ተቀምጠው ጥያቄ ይቀበሉ። ቁጣ ቢመጣም ሳያቋርጡ ያዳምጡ፤ ውሳኔውን ግን አያለዝቡ። በሕመም ወይም በርቀት ምክንያት ላልመጡት ያው የተነበበው ጽሑፍ ተባዝቶ፣ ሁለት ሁለት የኮሚቴ አባላት በዚያው ሳምንት ቤታቸው ድረስ ሄደው ያንብቡላቸው፤ ገንዘቡን የሚቀበሉበትን ቀንና ቦታም ጽፈው ይስጧቸው።