ካባው ለምን ጠቆረ? ቆርጠን ያስገባነው ሰውና ባክግራውንዱ አንድ ብርሃን እንዲጋሩ

የተከበራችሁ የጎንደር ፎቶ ቤት ባለሙያዎችና የአልበም አዘጋጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር የተጋቡ ሙሽሮች በፋሲል ግንብ ፊት ቆመው መነሣት ፈልገው ነበር። ሰሞኑ ጥምቀት ስለነበረ ግን ግቢው በእንግዳ ተጨናንቆ አልሆነላቸውምና ስቱዲዮ ውስጥ በግራጫ መጋረጃ ፊት አነሣኋቸው። ለባክግራውንድ የተጠቀምኩት ከዚያ በፊት በነበረው መጋቢት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያነሣሁትን የግንቡን ፎቶ ነው። ቆረጣው ንጹሕ ነበር፤ የሙሽራዋ የፀጉር ጫፍ እንኳ አልተበላም። ሁለቱን ለማዋሐድ ከሁሉም በላይ አንድ ብርቱካናማ ሌየር ደርቤ፣ በ60 በ90 ሴንቲ ሜትር አሳትሜ አስረከብኩ። የሙሽራው እናት ፎቶው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄስ ልጄ ነው፤ ከኋላው ያለው ግን ግንብ ነው ወይስ መጋረጃ?»

እሳቸው ስለ ኮንትራስት ሰምተው አያውቁም፤ ዓይናቸው ያየው ግን ትክክል ነበር። ሙሽራው የለበሰው በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ጥቁር ከፋይ ካባ ነው። እቤቴ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩና የቀለም ማንበቢያውን ካባው እጥፋት ላይ ባሳርፈው የፎቶሾፑ Info ሰሌዳ ቀይ 6፣ አረንጓዴ 6፣ ሰማያዊ 7 አነበበልኝ፤ ይኸውም ከ0 እስከ 255 ባለው ሚዛን ድፍን ጥቁር ማለት ነው። ግንቡ ላይ ካለው ሁሉ እጅግ የጨለመው የበሩ ውስጥ ደግሞ 36፣ 36፣ 38 ነበር። በዚያ ሙሉ ፎቶ ውስጥ ከ20 በታች የሆነ አንድም ጥቁር አልነበረም፤ እኔ ግን መሐሉ ላይ 6 የሆነ ጥቁር አቁሜበታለሁ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ላስረዳ። ስቱዲዮ ውስጥ ብርሃኑ ከሶፍት ቦክሱ ብቻ ይመጣል፣ በካሜራውና በሰውየው መካከል ያለው አየርም ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ስለሆነ ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ ይቀረጻል። ደጅ ግን ጥላ የሆነ ቦታ ሁሉ ከሰማይ ብርሃን ይደርሰዋል፤ በበጋ መጨረሻ አየሩ አቧራ ያዘለ ስለሆነ የራቀው ጥቁር ይደበዝዛል፤ ሌንሱ ወደ ፀሐይ ዘንበል ካለ ደግሞ ውስጡ የሚበተነው ብርሃን ጥቁሩን ከዚያም በላይ ያነሣዋል። ስለዚህ የደጅ ፎቶ የራሱ የጥቁር ወለል አለው። የቀለሙ ልዩነት ከመታየቱ በፊት ዓይን የሚያውቀው ይህን ወለል ነው።

ብርቱካናማው ሌየር ለምን እንዳላዳነኝ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ግሬድ ለሁሉም ሌየር ሲደረብ ለእያንዳንዱ የቀለም ቁጥር አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ ያ ቁጥር ከሙሽራው ይምጣ ከግንቡ አይለይም። ሁለቱ አስቀድመው ካልተቀራረቡ ልዩነታቸው ከግሬዱ በኋላም አለ፤ ግሬዱ ኮንትራስት የሚጨምር ከሆነማ ይሰፋል። የከርቩ መካከለኛ ክፍል ከወትሮው በአንድ ተኩል እጥፍ ዳገታማ ከሆነ፣ በፊት 20 የነበረው ልዩነት 30 ሆኖ ይወጣል። ከኢንተርኔት የምናወርዳቸው የተዘጋጁ ግሬዶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ «ይህ ግሬድ ያዋሕዳል» እየተባለ ሲነገር ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሰውየው ብቻውን ወደ ባክግራውንዱ ይወሰዳል፤ የጋራው ግሬድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ደረጃ ከሙሽሮቹ ሌየር በላይ የCurves ሌየር ከፍቼ፣ የAlt ቁልፍን ይዤ በሁለቱ ሌየሮች መካከል ባለው መስመር ላይ ክሊክ አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ከርቩ የሚነካው ሙሽሮቹን ብቻ ነው። ማንበቢያውንም 5 by 5 Average ላይ አደርገዋለሁ፤ አንዲት ነጠላ ፒክስል ኖይዝ ልትሆን ትችላለችና ብዙ ጊዜ ታሳስታለች።

ጥቁሩን ሳስተካክል አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። የበሩን 36 አይቼ ካባውንም ወደ 36 አነሣሁት፤ ወዲያውም ካባው በፀሐይ የነጣ አሮጌ ጨርቅ መሰለ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። በሩ ያለው ሙሽሮቹ ከቆሙበት ብዙ ርቆ ነው፤ በመካከሉ አቧራ አለ። መመሳሰል ያለበት ጥቁር ግን ሙሽሮቹ በሚቆሙበት ርቀት ላይ ያለው ነው። ፎቶው ላይ ከፊት ለፊት አንድ የጽድ ዛፍ ነበረና ከሥሩ ያለውን የሣር ጥላ ሳነብ 20፣ 22፣ 27 አገኘሁ። የእያንዳንዱን ቀለም ከርቭ የታችኛውን ጫፍ ለየብቻው ከፍ እያደረግሁ ካባውን እዚያ ሳደርሰው፣ ከፋዩ ከፋይነቱን ሳይለቅ መሬቱ ላይ ቆመ። ሰማያዊው ከቀዩ በ7 መብለጡንም ልብ በሉልኝ፤ ጥላውን የሚሞላው ሰማይ ስለሆነ የቅርብ ጥላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ጥላ ግን ቀለም የለውም።

ነጩ ከጥቁሩ ይከብዳል። ግንቡ ከቡናማ ድንጋይ ስለተሠራ ለመለኪያ የሚሆን ነጭ የለውም። ዕድል ሆኖ ከግንቡ ሥር ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ሲያልፉ ተቀርጸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለባክግራውንድ የሚሆን ፎቶ ሳነሣ ነጠላ ወይም ጋቢ የለበሰ ሰው እስኪያልፍ ሆን ብዬ እጠብቃለሁ። የጋቢው ፀሐይ ያገኘው ጎን 243፣ 226፣ 196 ሲያነብ፣ ጥላ የያዘው ጎን 118፣ 124፣ 138 ነበር። የሙሽራዋ ሐበሻ ቀሚስ ግን ብርሃን በተቀበለበት በኩል 250 ገደማ፣ በጥላው በኩል 190 ሲሆን፣ በሁለቱም በኩል ቀለም የሌለው ነጭ ነው።

እነዚህ አራት ንባቦች የሚነግሩን ብዙ ነው። የማታ ፀሐይ ነጩን ወደ ቢጫ ስትወስደው ሰማይ ጥላውን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ እናም «ሞቃት ድባብ» የምንለው ነገር ሁሉንም ቢጫ ማድረግ አይደለም፣ ብርሃኑ ሲሞቅ ጥላው መቀዝቀዙ ነው። የእኔ ብርቱካናማ ሌየር ያጠፋው ይህንኑ ልዩነት ነበር። ስለዚህ በሰማያዊው ከርቭ የላይኛውን ጫፍ በደንብ፣ በአረንጓዴው በመጠኑ፣ በቀዩ በጥቂቱ ዝቅ አድርጌ የቀሚሱን ብሩህ ጎን ወደ ጋቢው ንባብ አስጠጋሁት። ለቀሚሱ የጥላ ጎን ግን ይህ ከርቭ አይበቃም፤ 190 የሆነው እጥፋት ከብሩሁ ጋር አብሮ ይሞቃልና። ለእሱ ሌላ ከርቭ ከፍቼ፣ ማስኩን በሰፊና በለስላሳ ብሩሽ በጥላው ጎን ብቻ እየቀባሁ ዝቅ አደረግሁት፣ ሰማያዊም ጨመርኩበት።

እዚህ ላይ ገደብ አለ። ጥላውን እስከ ጋቢው 120 ድረስ ለማውረድ ሞክሬ ነበር፤ የሙሽራዋ ጉንጭ ጠቆረ፣ የተኳኳለችበት ዱቄትም መስመር እየሠራ ወጣ። 150 ገደማ ላይ ተውኩት። የመጀመሪያውንም ከርቭ ፊቷ ብርቱካን እንዳይመስል ኦፓሲቲውን ወደ 80 በመቶ ቀነስኩ። የቁጥር መመሳሰል ዒላማ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ከጋቢው ይልቅ ፊት ይበልጣል። የብርሃኑ አቅጣጫ ተቃራኒ ከሆነማ ማንኛውም ግሬድ አያስተካክለውም፤ ባክግራውንዱ ላይ ፀሐይ ከፎቶው ግራ እየመጣች የሙሽራው ፊት ከፎቶው ቀኝ በኩል ከበራ፣ ያለው አማራጭ ሌላ ባክግራውንድ መፈለግ ወይም እንደገና ማንሣት ነው። አሁን ደንበኛ «ግንቡን አስገባልኝ» ካለኝ ስቱዲዮውን የማበራው የግንቡን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ነው፤ አንዱን ሶፍት ቦክስ በፀሐይዋ በኩል አደርጋለሁ፣ በሌላው በኩል ያለውን አጠፋለሁ።

የጋራውን ግሬድ ከመደረቤ በፊት ሁለት ጊዜያዊ ሌየር ከላይ አስቀምጬ እፈትሻለሁ። አንደኛው Black & White ነው፤ ቀለሙ ሲወጣ ሙሽሮቹ ከግንቡ ይልቅ የደመቁ ወይም የጠቆሩ ከሆነ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው ሆን ተብሎ በጣም የተጋነነ ከርቭ ነው፤ ጥላውን ሁሉ ስለሚያወጣው የተደበቀውን የጥቁር ልዩነት ያጋልጣል። በዚያ ፈተና የመጀመሪያውን ፋይል ሳየው ሙሽራው በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስል ነበር፤ እናቲቱ ያዩት ይህንን ነው። ከተፈተሸ በኋላ ጊዜያዊ ሌየሮቹ ይጠፋሉ።

ኖይዝን በአጭሩ ልለፈው፦ ግንቡ በአይኤስኦ 800፣ ሙሽሮቹ በ100 ስለተነሡ ጨርቁ ከድንጋዩ ይልቅ ልሙጥ ሆኖ ነበር፤ ሙሽሮቹ ላይ ጥቂት ኖይዝ ጨመርኩ።

የጋራው ግሬድ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ከሁሉም በላይ፣ ከማንም ሌየር ጋር ሳይታሰር፣ ጥቂት ኮንትራስት የሚጨምር አንድ ከርቭ፣ እሱም በግማሽ ኦፓሲቲ፤ ሌላ አላስፈለገኝም። ከባድ ግሬድ ካማራችሁ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመልሳችሁ ጥቁሩን አንብቡ፤ በእኔ ልምድ የጋራው ግሬድ እየከበደ የሚሄደው ከሥሩ ያልተስተካከለ ነገር ሲኖር ነው።

ፎቶውን በራሴ ወጪ ዳግመኛ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። መጀመሪያ የፎቶውን መሐል፣ ካባውና የግንቡ በር አብረው የሚታዩበትን ክፍል ብቻ፣ በትንሽ ወረቀት አሳትሜ በመስኮት ብርሃን አየሁት፤ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪኑን አብርቼ መሥራቴ በመጀመሪያው ጊዜ ጥቁሩን እንዳላይ አድርጎኝ ነበርና። እናትየው አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አስጠግተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይኸኛው እዚያው ነው የቆመው» አሉና አሮጌውን መልሰው ሰጡኝ።

ሁለቱም እትሞች እዚህ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ፋይሉም ሌየሮቹ ሳይዋሐዱ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቷል፤ ማንበቢያውን ካባው ላይ፣ ከዚያም በሣሩ ጥላ ላይ አሳርፋችሁ ራሳችሁ እንድታነቡ እጋብዛለሁ።