ከረጅሙ መልእክት ውስጥ ጥያቄውን ማውጣት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ከአለቃ ወይም ከደንበኛ በቴሌግራም የሚመጣ ረጅም የአማርኛ መልእክት ወደ አጭር የእንግሊዝኛ ኢሜይል ሲቀየር ስለሚጠፋው ነገር ነው። የላብራቶሪ ዕቃ ከጀርመን የሚያስመጣ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ምሳሌዬም ከዚያው ነው። ስሞቹን ትቻለሁ።

መልእክቱ ሰኞ ኅዳር 15 ቀን 2018 የመጣ ነው እንበል። እንዲህ ይላል፦

«እንደምን አለሽ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው? ያን የጀርመኖቹን ጉዳይ ሳስበው ዋልኩ። ዛሬ ባንክ ሄጄ ነበር። ልጅቷ በደንብ አስተናገደችኝ፣ ግን ፕሮፎርማው ጊዜው አልፎበታል አለችኝ። ሆስፒታሎቹ ደግሞ ዕቃው የት ደረሰ እያሉ እየጮሁብን ነው። ባለፈው ማህተም ሳያደርጉበት ልከውልን ስንት ጊዜ እንደተመላለስን ታውቂያለሽ። ልጅቷ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋይሉን ትዘጋዋለች። ዋጋ ጨምረውም እንደሆነ ይንገሩን እንጂ ዝም አይበሉ። እስቲ አንድ ነገር በያቸው።»

ብዙ ሰው ከላይ ጀምሮ ይተረጉማል፣ ከዚያ ይቆርጣል። እኔ ይህን አልወደውም። መጀመሪያ የሚቆረጠው ስሞታው ነውና። እዚህ ላይ ግን ጥያቄው ያለው ስሞታው ውስጥ ነው። «ማህተም ሳያደርጉበት ልከውልን» ሲሉ ያለፈውን እያማረሩ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ፊርማና ማህተም ይኑረው ማለታቸው ነው። እሱን ቆርጣችሁ ብትልኩ፣ ማህተም የሌለው ወረቀት በሰዓቱ ይደርሳችኋል፣ ባንኩም ይመልሰዋል።

ስለዚህ ኢሜይሉን ከመክፈቴ በፊት ወረቀት ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ጀርመኖቹ ምን ያድርጉ? ቀኑ የታደሰ ፕሮፎርማ ይላኩ። ተፈርሞና ማህተም ተደርጎበት። ዋጋው ከተለወጠ አሁኑኑ ያሳውቁን። ሦስት ነገር ወጣ። «አንድ ነገር በያቸው» የሚለው መጨረሻ ላይ የመጣው ዓረፍተ ነገር ግን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ቀጥሎ ቀነ ገደቡ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሐሙስ ኅዳር 18 ነው። ኅዳርን ኖቬምበር አድርጎ ቁጥሩን እንዳለ መጻፍ ቀላል ነው፤ ግን ኖቬምበር 18 ያኔ አልፏል። ትክክለኛው ኖቬምበር 27 ቀን 2025 ነው። ዘጠኝ ሰዓትም እንደዚሁ። ዘጠኝ ብላችሁ ከጻፋችሁ ጠዋት ይመስላቸዋል። በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ነው፣ ያውም የአዲስ አበባ። ጀርመን በክረምታቸው ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ እዚያ ቀን 1 ሰዓት ላይ ማለት ነው። ወሩን በስሙ ጻፉት፣ በቁጥር አይሁን። ቀንና ወር በቁጥር ሲጻፍ የትኛው እንደሚቀድም እንደ አገሩ ይለያያል።

ሌላም አለ። ሐሙስ የባንኩ ቀን እንጂ የጀርመኖቹ አይደለም። ሐሙስ ቀን 1 ሰዓት ላይ ቢልኩልን ባንክ እስክንደርስ ፋይሉ ይዘጋል። ስለዚህ ከእነሱ የምጠይቀው ረቡዕ ኖቬምበር 26፣ በጀርመን ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ነው። የሐሙሱንም እደብቃቸዋለሁ ማለት አይደለም፤ እንደ ምክንያት እጽፈዋለሁ። ሰው ለምን እንደተጣደፈ ሲያውቅ ቀኑን ያከብራል።

ርእሱ ላይ የፕሮፎርማውን ቁጥር አስቀድሜ፣ «ሪቫይዝድ ፕሮፎርማ ኒድድ ባይ ኖቬምበር 26» እላለሁ። ውስጡ በእኛ ቋንቋ ቢነገር እንዲህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የተጠቀሰው ፕሮፎርማ ጊዜው ስላለፈ፣ አዲስ ቀን ያለው፣ የተፈረመና ማህተም ያለበት ቅጂ እስከ ረቡዕ ኖቬምበር 26፣ በእናንተ ሰዓት እስከ እኩለ ቀን ይላኩልን። ባንካችን ፋይሉን ሐሙስ በእናንተ ሰዓት ቀን 1 ሰዓት ላይ ይዘጋዋል። ዋጋው ከተለወጠ እባክዎ ዛሬውኑ ያሳውቁን። እናመሰግናለን።»

ሆስፒታሎቹን አውጥቻቸዋለሁ። አለቃዬን የሚያስጨንቃቸው እነሱ መሆናቸው ይገባኛል፣ እኔንም ያስጨንቁኛል። ጀርመን ያለችው ጸሐፊ ግን በእነሱ ምክንያት የምታደርገው የተለየ ነገር የለም። ልዩ ውለታ የምንጠይቅ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ዕቃውን በአውሮፕላን አስቀድሙልን ብንል፣ እነሱን በመጀመሪያው መስመር ላይ አስገባቸው ነበር።

ከመላኬ በፊት አማርኛውን ላላየ የቢሮ ባልደረባ እንግሊዝኛውን ብቻ አሳየዋለሁ። ምን ይላኩ፣ ምን ይኑረው፣ እስከ መቼ ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዱን እንኳ ካመነታ ወደ አማርኛው እመለሳለሁ። ሦስቱንም ከመለሰልኝ እልከዋለሁ፣ ለአለቃዬም በአማርኛ «ረቡዕ እስከ እኩለ ቀን ብያቸዋለሁ፣ ማህተሙንና ዋጋውን ጠቅሻለሁ» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።