የክሊኒክ ቅርንጫፍ የአዋጭነት ጥናት ከየት ይጀምራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው አድማጭ፦ «ገርጂ ውስጥ መካከለኛ ክሊኒክ አለኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ቅርንጫፍ ልከፍት አስቤ በክፍያ የአዋጭነት ጥናት አሠራሁ። ስልሳ ገጽ አንብቤ ስጨርስ ግን ልክፈት ወይስ ልተው የሚለውን አላወቅሁም። ጥናቱ ምን ጎደለው?»

መልስ፦ የጎደለው አንድ ቁጥር ይመስለኛል። ቅርንጫፉ ወጪውን ለመሸፈን በቀን ስንት ታካሚ ማየት እንዳለበት የማይናገር ጥናት፣ ስለ ከተማው ዕድገትና ስለ ሕዝቡ ብዛት የፈለገውን ያህል ቢዘረዝር ለውሳኔ አያበቃም። ስለዚህ ጥናቱ በዚህ ቁጥር ይጀምር፤ ስለ ፍላጎት፣ ስለ ሠራተኛና ስለ ሥጋት የሚጻፉት ምዕራፎችም ቁጥሩ የሚሳካ መሆን አለመሆኑን የሚፈትኑ ይሁኑ።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይዎት፤ አኃዞቹ ለስሌት የተወሰዱ ስለሆኑ በራስዎ ይተኳቸው። ታካሚ መጣም ቀረም በየወሩ የሚከፈለውን እንደምር። ደመወዝ 300 ሺህ ብር፣ አሠሪው የሚያዋጣው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ 33 ሺህ፣ ኪራይ 110 ሺህ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ውኃና የቆሻሻ ማስወገጃ 57 ሺህ ቢሆን፣ ድምሩ 500 ሺህ ብር ነው። አንድ ታካሚ በአማካይ 700 ብር ከፍሎ ቢሄድና ከዚያ ውስጥ 200 ብሩ ለላቦራቶሪ ኬሚካል፣ ለጓንትና ለመሳሰለው ቢወጣ፣ ክሊኒኩ እጅ ላይ 500 ብር ይቀራል። እንግዲህ በወር 1 ሺህ ታካሚ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 39 ይጠጋል።

ብዙዎች ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማሉ። የእርስዎ ግን ቅርንጫፍ እንጂ አዲስ ክሊኒክ ስላልሆነ አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ዛሬ ከአራብሳ አቅጣጫ ገርጂ ድረስ የሚመጡት ታካሚዎችዎ ስንት ናቸው? የካርድ ክፍልዎን መዝገብ ያስወጡና የስድስት ወሩን በአድራሻ ያስለዩ። በቀን 10 ሰው ከዚያ የሚመጣ ከሆነና እነዚህ ሰዎች ወደ ቅርንጫፉ ከዞሩ፣ ገርጂ በወር 260 ታካሚ፣ ማለትም 130 ሺህ ብር ያጣል። ይህ ሲታሰብ ቅርንጫፉ በቀን ማየት ያለበት 39 ሳይሆን 49 ይሆናል። አዲሱ ክሊኒክ ሲሞላ እያየን የባንክ ሒሳቡ የማያድግበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀጥሎ 49 ሰው ከየት ይመጣል የሚለው ይጠናል። በብሎክ ቁጥር ማባዛት አያዋጣም፤ የተላለፈ ቤት ሁሉ ሰው አልገባበትም፣ የገባበትም ቢሆን አዋቂው ቀኑን ሙሉ መሃል ከተማ ነው የሚውለው። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ መብራት የበራባቸውን መስኮቶች መቁጠር ከብዙ ሰንጠረዥ የተሻለ ነገር ይናገራል። ነዋሪውንም «ክሊኒክ ቢከፈት ይመጣሉ?» ብለው አይጠይቁት፤ ሁሉም በይሉኝታ አዎ ነው የሚልዎት። ይልቁንስ ከቤተሰቡ ሰው መጨረሻ የታመመው መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሄዱ፣ ምን ያህል እንደከፈሉና ለምን ያንን ቦታ እንደመረጡ ይጠይቁ። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ መሆኑን ያስታውሱ። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ወደ እርስዎ የሚመጣው ጤና ጣቢያው ሲዘጋ ወይም ምርመራው እዚያ ሲታጣ ነው፤ በመሆኑም ጥናቱ የማታና የእሑድ ታካሚን ለብቻው መቁጠር አለበት።

በመጨረሻ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን 49 ሰው አይመጣም። በቀን በ15 ጀምረው በየወሩ 4 ቢጨምሩ፣ የቅርንጫፉን የራሱን ወጪ የሚሸፍነው 39 ላይ እንኳ የሚደርሱት በሰባተኛው ወር ነው። እስከዚያ የሚጎድለው ገንዘብ ሲደመር 1.1 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። ፈቃድ እስኪወጣና ቤቱ እስኪታደስ ለሦስት ወር የሚከፈለው 330 ሺህ ብር ኪራይ ሲታከልበት፣ ከመሣሪያ ግዢ ውጭ ወደ 1.4 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ መያዝ ግድ ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ ጥናቶች የአልትራሳውንዱን ዋጋ በዝርዝር ይጽፉና ይህን ገንዘብ ይረሱታል።

ስለ ሥጋት የሚጻፈውም ምዕራፍ ከዚሁ ስሌት አይውጣ። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ የላቦራቶሪ ኬሚካል ዋጋ የት እንደደረሰ እርስዎ ያውቁታል። በአንድ ታካሚ የሚወጣው 200 ብር ወደ 300 ቢያድግና ዋጋ መጨመር ባይቻል፣ 39 የነበረው ወደ 48 ይወጣል፤ የገርጂው ኪሳራ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። «የዋጋ ንረት ሥጋት አለ» ከሚል አንቀጽ ይልቅ ይህች አንዲት መስመር ለውሳኔ ትጠቅማለች።

ሁለተኛዋ አድማጭ፦ «የአንድ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ጥናታችን ሁለት ሐኪም፣ አራት ነርስ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይላል። ባለቤቱ በቂ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሥጋት አለኝ።»

መልስ፦ ሥጋትዎ ትክክል ነው፤ በተለይ «አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ» በሚለው ላይ። እሱ በቀረ ቀን የሚጠፋው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ ምርመራ ማዘዝ አይችልም፣ ታካሚውም ወደ ሌላ ክሊኒክ ይላካል፣ የተላከ ታካሚ ደግሞ በአብዛኛው አይመለስም። ባለሙያው ሴት ብትሆንና ብትወልድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ የሚተካት ሰው ደመወዝ በጥናቱ ውስጥ ከሌለ ጥናቱ ጎዶሎ ነው። አዋጁ የሳምንት የሥራ ሰዓትን በ48 ስለሚወስን፣ ከጠዋት እስከ ማታና እሑድን ጨምሮ ለሚሠራ ክሊኒክ በየቦታው ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ በፈረቃ ሠንጠረዥ ይሥሩት፤ ቁጥሩ ራሱ ባለቤቱን ያሳምናል።

ሐኪምን በሚመለከት ቁጥር ሳይሆን ሰው ይፈልጉ። ለዳር ከተማ ቅርንጫፍ በመሃል ከተማ ደመወዝ ሐኪም ይገኛል ብሎ መገመት የተለመደ ስሕተት ነው። ጥናቱ ከመጠናቀቁ በፊት ቢያንስ ሦስት ሐኪሞችን በስንት ደመወዝና በምን ሰዓት እዚያ እንደሚሠሩ ይጠይቁ፤ በመንግሥት ሆስፒታል ቀን ሠርቶ ማታ የሚመጣ ሐኪም የጠዋቱን ሰዓት አይሸፍንልዎትም። በአካባቢው የሚኖር ጤና መኮንን ማግኘት ከሩቅ ከሚመላለስ ሐኪም የሚሻልበት ጊዜ አለ። የክሊኒኩ ደረጃ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ፈቃድ ሰጪውን ይጠይቁ፤ የትራንስፖርት አበልም ደመወዝ ውስጥ ይግባ።

ሦስተኛው አድማጭ፦ «ከአያት አለፍ ብሎ ወደ ለገጣፎ መስመር ጥሩ ቤት አግኝቻለሁ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠይቆኛል፤ ሌላ ሰው ሳይወስደው ልፈርም?»

መልስ፦ ዛሬ አይፈርሙ። በዚያ መስመር ላይ ጥቂት መንገድ ሲሄዱ ከአዲስ አበባ አስተዳደር ወጥተው በኦሮሚያ ክልል ሥር ወዳለው ሸገር ከተማ ይገባሉ፤ ፈቃድ የሚሰጠው አካል፣ የግብሩ ቢሮና የሚሞሉት ቅጽ ይለያያሉ። ቤቱ በየትኛው ወረዳ እንደሚገኝ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ከዚያ የክሊኒክዎ ደረጃ የሚጠይቃቸውን ክፍሎች ብዛትና ስፋት የያዘውን መስፈርት ይዘው ቤቱን በሜትር ይለኩ፤ ግድግዳ ማፍረስ የሚያስፈልግ ከሆነ አከራዩ በጽሑፍ ይፍቀድ። ውሉ ውስጥም ፈቃዱ ከቦታው የተነሣ ቢከለከል ቅድመ ክፍያው ተመላሽ እንደሚሆን የሚገልጽ አንቀጽ ያስገቡ። አከራዩ ይህን አንቀጽ አልቀበልም ካለ፣ በምሳሌው ኪራይ ቢሰላ ያለ ዋስትና የሚያስይዙት 660 ሺህ ብር ነው፤ ያንን ከጥሬ ገንዘቡ ላይ ቀንሰው ቀሪው እስከ ሰባተኛው ወር ያደርስዎት እንደሆነ ያስሉና ይወስኑ።