አንድ ዘፈን በአምስት ስልክ፦ በሐዋሳ ለቪዲዮ ባለሙያዎችና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። ከሐዋሳም ከዙሪያዋም ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የማነሣው ጉዳይ አንድ ነው። በሙዚቃ ዝግጅት ላይ ታዳሚዎች በየስልካቸው የቀረጹትን ሰብስበን አንድ ቪዲዮ ስናቀናብር፣ ለየትኛው የዘፈን ክፍል የትኛውን ምስል እንደምንሰጥ በምን እናውቃለን? ብዙ ጊዜ የሚደረገው ጥርት ያለውን ምስል መርጦ፣ ሲሰለች ወደ ሌላው መዝለል ነው። እኔ ግን ምስሉን የሚመርጠው ጆሮ ነው እላለሁ። በዚያች ቅጽበት ዘፈኑን ተሸክሞ የሚሄደው ማን እንደሆነ ጆሮ ይለያል፤ ድምፃዊው ነው፣ ማሲንቆው ነው ወይስ ሕዝቡ? ዐይን የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ነገሩን በአንድ ዘፈን ላሳያችሁ። እዚሁ በሐይቁ ዳር፣ በአንድ ሆቴል ግቢ፣ በምሽት የቀረበ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል የሚረዝም ዘፈን ነው። በማሲንቆ ይከፈታል፣ ሁለት አንጓና አዝማች አለው፣ መሐል ላይ ሳክስፎን ይገባል፣ ከዚያ ምቱ ወደ ጭክጭካ ተለውጦ ተወዛዋዦች ይወጣሉ፤ በአዝማቹ ይዘጋል። የደረሰን የአምስት ሰዎች ቀረጻ ነው። አንደኛው ስልክ ከመድረኩ 34 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከሚክሰሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሁለተኛው በመድረኩ ግራ ጥግ፣ ለድምፃዊው ቅርብ ሆኖ በቁሙ የተያዘ ነው። ሦስተኛው በቀኝ ጥግ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ ከማሲንቆ ተጫዋቹ ፊት ለፊት ነበር። አራተኛው ከሆቴሉ ሰገነት፣ ከመድረኩ 50 ሜትር ገደማ ርቆ ቀርጿል። አምስተኛው ደግሞ በሕዝቡ መሐል ከፍ ብሎ የተያዘና የሚንቀጠቀጥ ነው።

በመጀመሪያ የሚወሰነው ድምፁ ነው። ምስሉ አምስት ጊዜ ሊቀያየር ይችላል፤ ድምፁ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ስልክ መሆን አለበት። በየቁርጡ ድምፁ አብሮ ከተቀየረ ተመልካቹ አዳራሽ እንደሚቀያይር ሰው ይሆናል። ታዲያ የትኛው ይሁን? የቀኙ ስልክ ለመድረኩ ቅርብ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የድምፅ ሞገዱን በኮምፒውተር ላይ ስታዩት ጫፎቹ በመቀስ የተቆረጡ ያህል ጠፍጣፋ ናቸው። ማጉያው ስልኩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ ጮኾበታል፤ የተቆረጠው አይመለስም። የሕዝቡ ስልክ ደግሞ አጠገቡ ያለችውን ልጅ ዘፈን ከድምፃዊው አጉልቶ ይዟል። በግራው ስልክ ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምፃዊው ዝቅ ይልና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ስልኩ መጠኑን በራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ስለዚህ የተመረጠው በሚክሰሩ አጠገብ የነበረው ነው። ትንሽ የታፈነ ቢሆንም የድምፅ ባለሙያው በጆሮው እየሰማ ያመጣጠነው ድምፅ እዚያ ቦታ ላይ የሚሰማው ነው። ባስ ጊታሩም ድምፃዊውም በየልካቸው አሉ።

ቀጥሎ የማጣጣም ሥራ ይመጣል። ዳቪንቺ ሪዞልቭም ሆነ ኬደንላይቭ የድምፅ ሞገዶችን አነጻጽረው ክሊፖቹን ያስተካክላሉ። እዚህ ላይ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። የመጀመሪያው መነሻው ላይ የተገጣጠመው ክሊፕ ወደ መጨረሻው እየተንሸራተተ መሄዱ ነው። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት የፍሬም ብዛት ወጥ አይደለም፤ ብርሃን ሲያንስ ይቀንሳል። ሃንድብሬክ በተባለው ነጻ ፕሮግራም Constant Framerate የሚለውን መርጣችሁ፣ የምስሉን መጠን ሳታሳንሱ ሁሉንም በሰከንድ 30 ፍሬም አድርጋችሁ መልሱ፤ ከዚያ በኋላ አጣጥሙ።

ሁለተኛው የበለጠ ስውር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ብርሃን ግን በእኛ ርቀት ወዲያው ይደርሳል። ስለዚህ 34 ሜትር ርቆ ያለ ስልክ የከበሮውን ምት ካየ በኋላ ድምፁን የሚሰማው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በኋላ ነው፤ ይህም 3 ፍሬም ነው። ከሰገነቱ ደግሞ ከ4 ፍሬም በላይ ይዘገያል። ከመድረኩ ሥር ላለው ስልክ መዘግየቱ ከአንድ ፍሬም ያነሰ ነው። አሁን ሁሉንም በድምፃቸው ስናጣጥም ድምፆቹ እርስ በርስ በትክክል ይገጥማሉ፤ የሩቆቹ ስልኮች ምስል ግን ከድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። የከበሮው ዱላ ቆዳውን ነክቶ ከተነሣ በኋላ ነው ምቱ የሚሰማው። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የታዘዘው ድምፅን ከድምፅ እንዲያገናኝ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከበሮው ጎልቶ የተመታበትን ቦታ ፈልጉና በአንድ በአንድ ፍሬም ሂዱ። ዱላው ቆዳውን የነካበት ፍሬምና በድምፅ ሞገዱ ላይ ያለው ሹል ጫፍ በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ድምፁን ሳትነኩ ምስሉን ብቻ አዘግዩ፤ የሚክሰሩን ስልክ በ3፣ የሰገነቱን በ4 ፍሬም። የመረጥነው ድምፅ የተገኘበት ስልክ ራሱ ምስሉ ከድምፁ ጋር አለመግጠሙ ያስገርም ይሆናል፤ ግን ምክንያቱ ይኸው ነው። በሰፊ ምስል ላይ ሦስት ፍሬም ብዙ ሰው አይለየውም። እስክስታ ላይ ግን ይታያል፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ምርጫው። ምስሎቹን ከመክፈታችሁ በፊት ዘፈኑን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙና በወረቀት ላይ እየተከተላችሁ ጻፉ፦ እዚህ ማሲንቆ፣ እዚህ አንጓ፣ እዚህ አዝማች። ያ ወረቀት ነው የሚመራችሁ።

መክፈቻው ማሲንቆ ብቻ ነው፤ ከበሮ የለም፣ የሚቆጠር ምት የለም። ከሰገነቱ ተነሣን፤ ግቢው፣ መድረኩ፣ ከኋላ ሐይቁ ይታያል። ስድስት ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ ወደ ቀኙ ስልክ ሄድን፤ ድምፁ የተበላሸው ያ ስልክ የጣቶቹንና የደጋኑን ምስል ከሁሉም አብልጦ ይዟል። ምት ስለሌለ የምንቆርጥበትን ቦታ የሚነግረን ደጋኑ ነው። በአንድ አቅጣጫ ተስቦ አልቆ ሊመለስ ሲል ቆረጥን። አንዴ እጁ ላይ ከደረስን በኋላ መግቢያው እስኪያልቅ አልተንቀሳቀስንም። እየተጫወተ ካለ ማሲንቆ ወደ ገና አፉን ወዳልከፈተ ድምፃዊ መዝለል ምንም አይጨምርም።

አንጓው ሲጀምር ቃሉ ነው የሚመራው፤ ቃል ደግሞ ፊት ይፈልጋል። ፊቱ ያለው በግራው ስልክ ላይ ነው፤ ግን በቁሙ ተቀርጿል። ደግነቱ በ4ኬ የተቀረጸ ስለሆነ ወርዱ 2160 ነጥብ ነው። ከመሐሉ 1215 ነጥብ ቁመት ብንቆርጥለት ሙሉውን ስክሪን ሳይደበዝዝ ይሞላል። በተለመደው 1080 ወርድ ቢሆን ኖሮ ሁለት እጥፍ ያህል መለጠጥ ስለሚያስፈልገው ፊቱ ይፈዝ ነበር፤ ያኔ በመሐል ጠባብ አድርጎ መተው ይሻላል። ወደ ፊቱ የገባነው ድምፃዊው ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ነው። ያ ትንፋሽ ሲታይ ተመልካቹ ለቃሉ ይዘጋጃል። በሁለተኛው አንጓ ቀራጩ ራሱ መወዛወዝ ስለጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ከሚክሰሩ ስልክ ወሰድን።

አዝማቹን የያዘው ሕዝቡ ነው፤ እዚህ የሚንቀጠቀጠው አምስተኛው ስልክ ቦታውን ያገኛል። እጆች፣ መብራታቸው የበራ ስልኮች፣ አብረው የሚዘፍኑ አፎች አሉበት። ከአራት ሰከንድ በላይ ግን ዐይን ያደክማል፤ ወዲያው የቆመውን ሰፊ ምስል አስከተልን።

ሳክስፎኑ ላይ ችግር ገጠመን። ከአምስቱ ስልኮች ሳክስፎኑን በቅርብ የያዘ አንድም የለም፤ የግራው ስልክ ድምፃዊው ውኃ ሲጠጣ ያሳየናል! ሰፊውን ምስል እንዳለ መተው ይቻላል፤ ነገር ግን ዘፈኑን በዚያች ደቂቃ የተሸከመው ሰው እንደ ጉንዳን አንሶ መታየቱ አግባብ አይደለም። የሚክሰሩ ስልክም በ4ኬ ስለቀረጸ የምስሉን ሩብ ቆርጠን አጎላነው፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ከጉልበቱ በላይ ሙሉ ስክሪኑን ያዘ። ምስሉ በጨለማው ምክንያት ትንሽ አሸዋማ ሆኗል። እኔ አሸዋማውን ሳክስፎን ከጥርት ያለው ውኃ ጠጪ እመርጣለሁ።

እስክስታው ላይ ልጠንክርባችሁ። ምቱ ሲፈጥን ቁርጡንም ማፍጠን ልማድ ሆኗል፤ በየምቱ አንድ ምስል። እስክስታ ግን ምቱን በትከሻ የሚያሳይ ጭፈራ ነው። ትከሻው ሲርገፈገፍ፣ አንገቱ ሲመልስለት፣ ወገቡ ሲከተል በአንድ ላይ ሲታይ ነው ውበቱ። በየምቱ ከቆረጥን የእኛን ምት በእነሱ ምት ላይ ደረብንበት ማለት ነው። ስለዚህ የሰገነቱን ስልክ መረጥን፤ ተወዛዋዦቹን ከነቦታ አያያዛቸው ስለሚያሳይ ስምንት ዙር ምት ሙሉውን ሳንቆርጥ ለቀቅነው። ቅድም ያልኳችሁ አራት ፍሬም ዋጋው እዚህ ይታያል፤ ካልተስተካከለ ትከሻው ከከበሮው ቀድሞ ይወርዳል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ተወዛዋዦቹ ከምት የወጡ ይመስለዋል። በሌላ ሰው ሥራ ላይ እንዲህ ያለ በደል መፈጸም የለብንም።

የመጨረሻው አዝማች ላይ ሁሉንም ስላየናቸው ቁርጡ ሊፈጥን ይችላል፤ ሰፊ፣ ፊት፣ ሕዝብ። የመጨረሻው ድምፅ ሲያልቅ በሰፊው ላይ ቆምን፤ ከሥሩም የሕዝቡን ስልክ ጭብጨባ ዝቅ አድርገን አስገባን። ከመላው ሥራ ሁለተኛ ድምፅ የተጨመረው እዚያ ብቻ ነው።

ከመሄዴ በፊት ሁለት አጫጭር ነገሮች። ቀረጻውን በቴሌግራም የሚልክላችሁን ሰው እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ንገሩት፤ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርሳችኋል፤ ስለ 4ኬ ያልኩት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በአደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ቀራጮቹንም ድምፃዊውንም አስፈቅዱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞችም መብት ሰጥቷል።

አምስቱ ክሊፖች እዚህ ኮምፒውተር ላይ ተከፍተዋል። የሰገነቱን ምስል ሳይዘገይና ዘግይቶ አሳያችኋለሁ፤ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፣ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።