ጭብጨባው ለማን ነው?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነው የማወራው፣ እናንተም ታገሱኝ።

ርዕሴ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ዕውቅና ነው። የወሩ ምርጥ ሠራተኛ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ፣ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ «እስቲ አጨብጭቡላት» የሚባለው ነገር። ሥራዬ የሰው ሀብት ክፍል ስለሆነ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲጀመርም ሲረሳም ደጋግሜ አይቻለሁ። ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። አንዳንዱ ግን ከተጨበጨበለት ማግስት ጀምሮ ይቀዘቅዛል። የሚገርመው፣ የሚቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ሰነፉ አይደለም። ድምፁ ሳይሰማ ቡድኑን ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ነው።

አንድ ወዳጄ አዲስ አበባ ውስጥ የጉምሩክ ሰነድ የሚያዘጋጅ ቡድን ይመራል፤ ትራንዚት ሥራ ማለት ነው። ሥራውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። ዕቃ ከውጭ ሲገባ ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱና የመርከብ ሰነዱ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። አንዱ ላይ 4,200 ኪሎ፣ ሌላው ላይ 4,020 ኪሎ ከተጻፈ ጥያቄ ይነሳል። ፋይሉ ይቆማል። ፋይሉ ሲቆም ዕቃው ይቆማል፣ ዕቃው በቆመ ቁጥር ደግሞ ክፍያው ይቆጥራል።

ቡድኑ ውስጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች። ማንም ሳያዛት የአንድ ገጽ ማመሳከሪያ ሠራች። ክብደት፣ የጥቅል ብዛት፣ የኮንቴይነር ቁጥር፣ ዋጋ፣ የታሪፍ ቁጥር። ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ከመላኩ በፊት በዚያ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ታመሳክራለች። የራሷን ስትጨርስ የጎረቤቶቿንም ታያለች። ስህተት ካገኘች በእርሳስ ታከብበትና ጠረጴዛቸው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። ምንም አትልም። ሙያ በልብ የሚባለው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

ወዳጄ ይህን ሲደርስበት በጣም ተደሰተ። በቀጣዩ ሰኞ ስብሰባ ላይ አስነሳት። የምስክር ወረቀት ሰጣት፣ ትንሽ ገንዘብም በፖስታ ጨመረበት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ «ሁላችሁም ከእሷ ተማሩ፤ እሷ ባትኖር ስንቱ ፋይላችሁ ተመልሶ ነበር» አለ። ፎቶዋም የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። በልቡ ጥሩ ነገር እንዳደረገ ነው የሚያውቀው።

በዚያው ሳምንት እርሳሷን አስቀመጠች። የራሷን ፋይል እንደ ድሮው በጥንቃቄ ትሠራለች፤ የሰው ፋይል ግን አትነካም። ስብሰባ ላይ በር አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ወዳጄ ደውሎ «ይቺ ልጅ ኮራች እንዴ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ።

አልኮራችም። በእሷ ቦታ ሆናችሁ ሳምንቱን እዩት። ከስብሰባው እንደወጣች የመጀመሪያው ወሬ «ጋብዢን እንጂ!» ነው። እኛ ጋ ሽልማት ይዞ ዝም ማለት አይቻልም፤ ይሉኝታ አለ። ፖስታው ውስጥ የነበረው ገንዘብ ለምሳና ለማኪያቶ አልበቃም፣ ከኪሷ ጨመረች። ቀጥሎ «አንቺ ጎበዟ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» እያለ ሁሉም ፋይሉን ይዞ መጣ። ድሮ በፈቃዷ የምታደርገው ነገር ግዴታ ሆነባት። ከሁሉ የከበደው ግን ሦስተኛው ነው። አለቃው «እሷ ባትኖር ተመልሶ ነበር» ሲል የማን ፋይል እንደነበር አጠገቧ የተቀመጡት ያውቃሉ። በሹክሹክታ ታርመው ያመሰግኗት የነበሩ ሰዎች፣ አሁን በአደባባይ የተዋረዱ መሰላቸው። ከዚህ በኋላ እርሳስ ይዛ ጠረጴዛቸው ጋ ብትሄድ ምን ሊሏት ነው? የአለቃ ጆሮ ጠቢ ነዋ!

ስለዚህ እርሳሱን ማስቀመጧ አስባበት ነው። ዋጋውን አስልታ ያደረገችው ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሊዮናርዶ ቡርስቲንና ሮበርት ጄንሰን የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ያጠኑት አንድ ነገር አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮምፒውተር የሚማሩት ኮርስ ነው። አንድ ጊዜ ሲስተሙ ላይ የምርጦችን ስም ለሁሉም የሚያሳይ የደረጃ ሰንጠረዥ ተጨመረ። ውጤቱ 24 በመቶ ወረደ። የወረደው የማን ነበር ብትሉ፣ በዋናነት ቀድሞ ጎበዝ የነበሩት፣ ማለትም ስማቸው ሰንጠረዡ ላይ ሊወጣ የሚችለው ልጆች። ደካሞቹ እንዲያውም ትንሽ አሻሻሉ። ጎበዞቹ ከሰንጠረዡ ለመሸሽ ብለው ሥራቸውን ቀነሱ ማለት ነው። የትራንዚቷን ልጅ በዚህ ዓይን ተመልከቷት።

እኔን ነገሩን በደንብ ያፍታታልኝ ግን የዛምቢያው ጥናት ነው። ናቫ አሽራፍ፣ ኦሪያና ባንዲዬራና ስኮት ሊ በ2014 ያሳተሙት ነው፤ ስለ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሥልጠና። እነዚህ ሰዎች ሽልማትን እንደ አንድ ነገር አላዩትም፤ በታትነው ነው የፈተኑት። አንዱ ክፍል አሠሪው ሥራህን አይቶ ዋጋ መስጠቱ ነው። ሌላው ሌሎች ሰዎች ማወቃቸው ነው። ሦስተኛው ከጓደኞችህ ጋር መነጻጸርህ፣ ማን ከማን በለጠ የሚለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፈተና ውጤትን ከፍ አደረጉ። ማነጻጸሩ ግን ውጤት ቀነሰ፤ በተለይ ዝቅ ያለ አቅም የነበራቸውን ጎዳ።

አሁን ወደ ሰኞው ስብሰባ እንመለስ። ወዳጄ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው የሰጣት። ሥራዋን ማየቱ መልካም። ሰው ማወቁም በራሱ ክፉ አይደለም። «ከእሷ ተማሩ» የምትለዋ ግን ማነጻጸሪያ ናት፣ ነገሩን ያበላሸችውም ይህችው ንግግር ናት። ብዙ አለቆች አደባባይ ሲያመሰግኑ ዓይናቸው ተመስጋኙ ላይ አይደለም፤ ሌሎቹ ላይ ነው። እነሱን ለማስነሳት ነው የሚያመሰግኑት። ተመስጋኙም ይህን ወዲያው ይገባዋል።

እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ ዘዴ አንዳንዴ ይሠራል። በ2016 የወጣ አንድ የመስክ ሙከራ አለ። ሰዎች ለጥቂት ሰዓት ዳታ እንዲያስገቡ ተቀጠሩ። በየቡድኑ ጥሩ ለሠሩት፣ አስቀድሞ ሳይነገር፣ የምስጋና ካርድ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ሥራው ጨመረ፤ ይበልጥ የጨመረው ግን ካርድ ያላገኙት ሰዎች ሥራ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ሙከራ ሰዎቹ የተገናኙት ለጥቂት ሰዓት ነው። ነገ አብረው ምሳ አይበሉም። ለዓመታት ጎን ለጎን የሚቀመጥ ቡድን ውስጥ ግን የሌሎቹ መነሳሳት ሒሳብ አለው፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ደግሞ ተመስጋኟ ናት።

ወዳጄ ምን አደረገ? መጀመሪያ ለብቻዋ አነጋገራት፣ ቢሮ ጠርቶ ሳይሆን ሰው ሲቀንስ ጠረጴዛዋ ጋ ሄዶ። «በጣም ጎበዝ ነሽ» አላላትም። ያንን ሰምታዋለች። «ባለፈው የክብደት ልዩነት የያዝሽበት ፋይል ተልኮ ቢሆን ደንበኛው ስንት ቀን ይቆምበት እንደነበር አየሁት» አላት። ቀና ብላ አየችውና ስለ ሥራው ማውራት ጀመረች። ለዝምተኛ ሰው ይህ ከምስክር ወረቀት ይበልጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዝርዝር አይቶለታልና።

ማመሳከሪያውን ደግሞ የቡድኑ አሠራር አደረጉት። የሰው ፋይል እሷ ብቻ ከማየት ይልቅ፣ ሁሉም ከመላኩ በፊት አንድ ፋይል ይለዋወጣል። እርሳሱ ለሁሉም ደረሰ። ማንም በማንም ላይ አልተሾመም። እሷም የነበረባት ጫና ቀለላት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «እሺ፣ ዝምተኛ ሰው በግል ይመስገን» ብለው ይጨርሱታል። በግል ብቻ የተመሰገነ ሰው ግን የደረጃ ዕድገት ሲመጣ ይረሳል። ዕድገቱን የሚወስኑት ሰዎች ስሙን ሰምተው አያውቁማ! በየስብሰባው የሚናገረው ያልፈዋል። ስለዚህ ወሬው ወደ ጎን ባይሄድ እንኳ ወደ ላይ መሄድ አለበት። ወዳጄ ማመሳከሪያውን ማን እንደሠራው፣ መቼ ሥራ ላይ እንደዋለና ምን እንደቀየረ የሚገልጽ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ ቅጂ ለመምሪያ ኃላፊው፣ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ የግል ማህደሯ ውስጥ ገባ። ቴሌግራም ላይ ምንም አልወጣም። እኔ የማውቀው በጣም የተናቀ ግን በጣም የሚጠቅም ሽልማት ይሄ ደብዳቤ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ማህደር ሲገለጥ እዚያው ይገኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ዝም ያለ ሁሉ አደባባይ አይወድም ብላችሁ አትደምድሙ። ዝምተኛ ሆኖ ሰርተፍኬቱን ቤቱ ሰቅሎ፣ እናቱን ጠርቶ የሚያሳይ ሰው አውቃለሁ። አፈኛ ሆኖ ደግሞ ሲመሰገን መግቢያ ቀዳዳ የሚያጣም አለ። መጠየቅ ነው የሚሻለው።

መጠየቁም ዘዴ ይፈልጋል። «እንዴት እንድናመሰግንሽ ትፈልጊያለሽ?» ብትሏት መልሱ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም አያስፈልግም!» ጨዋ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? አማራጭ ስጡ። «ጥሩ ሥራ ስትሠሪ ስብሰባ ላይ ባነሳው ነው የሚሻለው፣ በደብዳቤ ባደርገው ነው፣ ወይስ ለኃላፊው ብነግርልሽ?» ሲባል ሰው ይመርጣል፤ ሁሉም መልስ ጨዋ ነውና። ይህን ሰው በተቀጠረ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ፤ ምንም ሳይሠራ ስለሆነ የሚያሳፍር ነገር የለውም። መልሱን ጻፉት፣ አለቃ ሲቀየር አብሮ ይተላለፍ። የመጀመሪያውን ምስጋና ከሰጣችሁ በኋላ ደግሞ ሰውየውን ሳይሆን ሥራውን ታዘቡ። ፊቱ ላይ ፈገግታ ማየት አይበቃም፤ ፈገግታ ለይሉኝታም ይመጣል። ድሮ በፈቃዱ ያደርገው የነበረው ነገር ቀጥሏል ወይ? ጥያቄ ይጠይቃል ወይ? አዲስ ሐሳብ ሲያገኝ ለሰው ያሳያል ወይስ ለራሱ ይይዛል?

የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ፕሮግራም ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ፎቶውን ልታወርዱ ትችላላችሁ፤ ካልቻላችሁም ቢያንስ ከመስቀላችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በወር አንድ ሰው የግድ መመረጥ ሲኖርበት ተራ ይሆናል፣ ተራ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ያኔ አሸናፊው «የኔ ተራ ደረሰ» ይላል፣ የቀረው ሰው ደግሞ ግብዣውን ይጠብቃል።

የእናንተ መሥሪያ ቤት እንዴት ነው የሚያመሰግነው? የድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ ስማችሁ እንዲነሳ ካልፈለጋችሁ አላነሳም። ቸር ሰንብቱ።