የትኛው ምግብ ከሜኑ ይውጣ? አራቱ ሳጥኖች እና የዶሮ ወጡ ጥያቄ

[ምስል፦ ምሳ ሰዓት። አስተናጋጆች ትሪ ይዘው ይመላለሳሉ።]

የምግብ ቤት ባለቤት ወሩ ሲያልቅ ምን ያህል እንደሸጠ ያውቃል። እጁ ላይ ምን እንደቀረም ያውቃል። «ገንዘቡን ያመጣልህ የትኛው ምግብ ነው?» ስትሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የሚሸጠውን ይጠራላችኋል። ብዙ የሚሸጠው እና ብዙ የሚያተርፈው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ ቀላል ሠንጠረዥ አለ። ማይክል ካሳቫና እና ዶናልድ ስሚዝ የተባሉ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ወረቀት ላይ መስቀለኛ መስመር ታሰምራላችሁ፤ አራት ሳጥን ይወጣል። ወደ ላይ ተወዳጅነት፣ ወደ ቀኝ ትርፍ። ከዚያ እያንዳንዱን ምግብ በቦታው ማስቀመጥ ነው።

[ምስል፦ ባዶ ሠንጠረዥ፣ አራት ሳጥን።]

በምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት እንውሰድ። አምስት የፍስክ ምግብ አለው፦ ጥብስ፣ ቦዘና ሽሮ፣ ክትፎ፣ ዶሮ ወጥ እና ዱለት። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመቹ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ትተካላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የጾሙን ቀን ከፍስኩ መለየት አለባችሁ። ይሄን ካልለያችሁ የቀረው ስሌት ሁሉ ዋጋ የለውም። ረቡዕና ዓርብ ጥብስ የማያዘው ደንበኛ ጥብሱን ጠልቶ አይደለም። የወሩን ሽያጭ በጅምላ ከደመራችሁት በያይነቱ ጀግና፣ ክትፎ ሰነፍ ይመስላል። ዐቢይ ጾም ወይም ፍልሰታ የገባበት ወር ከሆነማ ጭራሽ አይነሳ። ስለዚህ የጾም ምግቦች የራሳቸው ሠንጠረዥ ይኑራቸው፣ የፍስኩም የራሱ። ማኪያቶና ለስላሳም ከምግብ ጋር አይወዳደሩም።

የእኛ ምግብ ቤት በወሩ ውስጥ ጾም ያልሆኑ 22 ቀናት ነበሩት። በነዚያ ቀናት 1,000 ሳህን ሸጧል።

[ምስል፦ የጥብስ ሥጋ ሚዛን ላይ።]

አሁን ከአንድ ሳህን ምን እንደሚተርፍ እናስላ። ጥብሱ 500 ብር ይሸጣል። 500 ስል ተ.እ.ታ. ሳይጨመር ነው። ሜኑው ላይ 575 ተብሎ 15 በመቶው ታክስ በውስጡ ካለ 75ቱ ብር የእናንተ አይደለም።

ሥጋው ኪሎው በ800 ብር ተገዛ እንበል። ጅማቱና ትርፍ ስቡ ሲወጣለት 800 ግራም ቀረ። ስለዚህ የምትጠብሱት ሥጋ ኪሎው 800 ሳይሆን 1,000 ብር ነው የወጣበት። አንድ ሳህን 180 ግራም ከወሰደ 180 ብር። እንጀራው 50። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሥጋ መጥበሻ፣ አዋዜው ተደምሮ 50። ድምሩ 280 ብር፤ የሚተርፈው 220።

ጅማቱን ረስታችሁ በ800 ብታሰሉት ግን ሥጋው 144 ብር ብቻ ይመስላችኋል። በየሳህኑ 36 ብር የሌለ ትርፍ ጻፋችሁ ማለት ነው። በወር 340 ጥብስ ሲሸጥ 12,240 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው ስሌቱ የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ በተገዛበት ዋጋ አታስሉ። የጸዳውን ሥጋ መዝኑ።

[ምስል፦ ሠንጠረዡ ቀስ በቀስ ይሞላል።

ጥብስ፦ 340 ሳህን፣ ከሳህን የሚተርፍ 220 ብር
ቦዘና ሽሮ፦ 360 ሳህን፣ 150 ብር
ክትፎ፦ 90 ሳህን፣ 280 ብር
ዶሮ ወጥ፦ 130 ሳህን፣ 193 ብር
ዱለት፦ 80 ሳህን፣ 130 ብር]

ቀጥሎ ሁለቱን መስመሮች እናስምር።

የትርፉ መስመር አማካዩ ነው። የእያንዳንዱን ምግብ የሳህን ብዛት በሚተርፈው ብር አባዙና ደምሩት፤ 189,490 ብር ይመጣል። ለ1,000 ሳህን ሲካፈል 189 ብር ከሃምሳ ገደማ። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ቀኝ፣ በታች ያለው ወደ ግራ።

የተወዳጅነቱ መስመር ትንሽ ይለያል። አምስት ምግብ እኩል ቢሸጥ እያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሰው ነበር። ሁሉም እኩል እንዲሸጥ መጠበቅ ግን ከባድ ስለሆነ ካሳቫና እና ስሚዝ የዚያን 70 በመቶ ወሰዱ። የ20 በመቶ 70 በመቶው 14 በመቶ ነው። ከ1,000 ሳህን 140 ያልሞላ ተወዳጅ አይባልም።

[ምስል፦ ምግቦቹ በየሳጥናቸው ይገባሉ።]

ጥብስ በሁለቱም ከፍ ያለ ነው። እሱ ኮከብ ይባላል። ቦዘና ሽሮ ብዙ ይሸጣል፣ ጥቂት ያተርፋል፤ የእርሻ ፈረስ ይሉታል። ክትፎና ዶሮ ወጥ ጥሩ ያተርፋሉ ግን ብዙ አይታዘዙም፤ እንቆቅልሽ። ዱለት በሁለቱም ዝቅ ያለ ነው። ይሄኛውን ውሻ ብለውታል።

ወደ ውሳኔው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ምግብን የሚመዝነው በወጪ መቶኛ ነው። በዚያ ሚዛን ሽሮው አንደኛ ነው፤ ወጪው 130፣ ዋጋው 280፣ ማለትም 46 በመቶ። ክትፎው 60 በመቶ ስለሆነ አክሳሪ ይመስላል። ግን ክትፎ ያዘዘ ደንበኛ ካዝናችሁ ውስጥ 280 ብር ትቶላችሁ ይሄዳል፣ ሽሮ ያዘዘው 150። የቤት ኪራይም የሠራተኛ ደሞዝም የሚከፈለው በብር ነው። እኔ መቶኛውን የምጠቀምበት ሌብነትና ብክነት ለመከታተል ብቻ ነው፤ ምግብ ለመምረጥ አልጠቀምበትም።

እሺ፣ ሽሮውን ምን እናድርገው? ማውጣት አይታሰብም። አራት ሆነው ከሚመጡት አንዱ ሽሮ ፈላጊ ከሆነ፣ ሽሮ የሌለበት ቤት አራቱንም ነው የሚያጣው። ዋጋው ላይ ትንሽ መጨመር ግን ይሞከራል። 280ውን 300 ብናደርገው ከሳህን የሚተርፈው 170 ይሆናል። አሁን ከሽሮ በወር 54,000 ብር ይገባል። በአዲሱ ዋጋ ያንኑ ለማግኘት 318 ሳህን ይበቃል። ስለዚህ ከ360ው እስከ 42 ሳህን ቢቀንስ እንኳ ኪሳራ የለም። የቀነሰው ከዚያ ካለፈ ዋጋውን መልሱት። ሽሮው ላይ ሥጋውን ቀንሶ ዝም ማለት ግን አይበጅም፤ ደንበኛ ወዲያው ነው የሚያውቀው።

[ምስል፦ አስተናጋጅ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ያወራል።]

ክትፎው ላይ መሥራት የሚቀለው በአስተናጋጁ በኩል ነው። የውጭ መጽሐፍት ስለ ሜኑ ወረቀት ብዙ ይላሉ፤ ምግቡ የትኛው ጥግ ይጻፍ፣ በሳጥን ይከበብ ወይስ አይከበብ። እኛ ቤት ግን ደንበኛው ወረቀቱን ሳይገልጥ «ምን አላችሁ?» ነው የሚለው። እውነተኛው ሜኑ አስተናጋጁ የሚዘረዝርበት ቅደም ተከተል ነው። አስተናጋጆቻችሁ ሲዘረዝሩ ቆማችሁ ስሙ። «ሽሮ አለ፣ ጥብስ አለ...» ብለው ከጀመሩ ክትፎው የሚጠራው ደንበኛው ከወሰነ በኋላ ነው። «ዛሬ ክትፎ ጥሩ አለ» ብለው እንዲጀምሩ ንገሯቸው፤ ምን እንደሚመስል እንዲያውቁም አንድ ቀን አቅምሷቸው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ስንት ክትፎ እንደወጣ ቁጠሩ። 90 ሳህን ለ22 ቀን ማለት በቀን አራት ገደማ ነው። ስድስት ተኩል ሲደርስ መስመሩን ያልፋል።

ዱለት ጋ ስንመጣ ሁሉም ሰው «ይውጣ» ይላል። ቆይ እንመልከተው። ዱለት ብትሰርዙ 920 ሳህን እና አራት ምግብ ይቀራል። ሁለቱም መስመሮች ይንቀሳቀሳሉ። የትርፉ አማካይ ከ189 ተኩል ወደ 194 ብር ከሰባ ሳንቲም ገደማ ይወጣል። የተወዳጅነቱ መስመር ደግሞ ወደ 161 ሳህን።

[ምስል፦ መስመሮቹ ሲንቀሳቀሱ ዶሮ ወጥ ሳጥን ይቀይራል።]

ዶሮ ወጡን እዩት። ዋጋው አልተነካም፣ ወጪው አልተነካም፣ ያው 193 ብር ያተርፋል። ግን አሁን ከአማካዩ በታች ወደቀ። ትናንት እንቆቅልሽ የነበረው ዛሬ ውሻ ሆነ። እሱንም ብታወጡት መስመሩ እንደገና ይነሳል። ሠንጠረዡ ምግቦቹን የሚያወዳድረው እርስ በርሳቸው ስለሆነ ሁልጊዜ ከታች የሚሆን አይጠፋም። ስለዚህ ከመስመሩ በጣም የራቀውን ብቻ እመኑ። መስመሩ ጋ የተጠጋውን ወጥ ቤት ገብታችሁ አጣሩት።

ዱለቱ በእርግጥ ከሁለቱም መስመሮች ሩቅ ነው። ቢሆንም ከማውጣታችሁ በፊት የትዕዛዝ ትኬቶቹን በሰዓት ለዩ። አብዛኛው በጠዋት የታዘዘ ከሆነ ለቁርስ ብቻ አስቀሩት። ምሳ ላይ ጨጓራና ጉበት ሳይሸጥ መበላሸቱ ይቀራል፤ የጠዋት ደንበኛውም አይሸሽም።

ዶሮ ወጡስ? ሁለቱም መስመሮች ጋ የቆመው እሱ ነው። 130 ሳህን በ22 ቀን ማለት በቀን ስድስት ገደማ ማለት ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ስድስት። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል። ለአንድ ሳህን ሁለት ብልት ከቀረበ ስድስት ሳህን። ወጥ ቤቱ በቀን አንድ ዶሮ ነው የሚሠራው ማለት ነው፤ 130ው የሚነግረን የድስቱን ልክ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ «ዶሮ አልቋል» የተባሉት ደንበኞች የትም አልተጻፉም፤ ጥብስ ያዘዙም አሉ፣ ተነስተው የሄዱም።

[ምስል፦ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ያለ ደብተር። «አልቋል» የሚል አምድ።]

ስለዚህ ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ አንድ ደብተር አስቀምጡ። አስተናጋጁ «አልቋል» ባለ ቁጥር ጭረት ይሰመር፤ የምግቡ ስምና ሰዓቱም ይጻፍ። ዶሮ ወጥ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ጭረት ከተገኘ ምግቡ ፈላጊ አለው። ሁለተኛ ዶሮ ይጨመር። ሽንኩርቱ የሚፈጀው ጊዜ ሠንጠረዡ ውስጥ የለም፤ ግን ድስቱ አንዴ ከተጣደ ለአንድ ዶሮ የሚደከመው ድካም ለሁለትም ብዙ አይለይም። የምትሞክሩት ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ይሁን። ማክሰኞና ሐሙስ ሁለተኛውን አትጨምሩ፤ ያልተሸጠው በማግሥቱ ጾም ላይ ይወድቃል።