«ተራዬ ስላልሆነ ነው»

(ጅማ ውስጥ በቤታቸው የታመመ ሰው ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች በቤት ለቤት ነርሶች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ፣ እናቶች፣ እህቶች፣ ወደ በሩ ጥግ ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ወንድሞችም።

እያንዳንዳችሁ ቤት ውስጥ ሰው ተክታችሁ ነው የመጣችሁት። የተካችሁትም ሰው ሰዓት እያየ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ታሪኳን የምንነግራችሁን ሴትዮ «የማን ሚስት ናት?» ብላችሁ አትፈልጓት። ለዛሬ የተጻፈች አጭር ታሪክ ናት። ቤቷ መንደራ አካባቢ ነው፤ ዕድሜዋ 54። አማቷ በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ከደከመ አራት ዓመት አልፏል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የ22 ዓመት ወንድ ልጅና ትምህርት ቤት የምትሄድ ሴት ልጅ አሉ። የባሏ እህት በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ትኖራለች። ይህን ያህል ሰው ባለበት ቤት አራት ዓመት ሙሉ አማቷን ሌሊት ያገላበጠች እሷ ብቻ ናት።

ሌሊቷ እንዲህ ነበር። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪ ተብላለች፤ እውነት ነው፣ ይባላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ትነሳለች፤ ከዚያ 6፣ 8፣ 10፣ ከዚያ ንጋት 12። አንዱ ዙር ማገላበጡ፣ ዳይፐሩ፣ ትራሱ፣ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃው ተደምሮ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በወረቀት ስታሰሉት በመካከሉ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ እየተረፈ በድምሩ 6 ሰዓት ከ40 ተኛች ያሰኛል። ግን ሰው አልጋ ላይ ስለወጣ ወዲያው አይተኛም። አንድ የእንቅልፍ ዙር ደግሞ በግምት 90 ደቂቃ ይፈልጋል። እንቅልፉ እስኪወስዳት 25 ደቂቃ ከሄደ፣ አንዱም ዙር ሳይሞላላት ትነሳለች። አራት ዓመት እንዲህ ነው።

እረፍት ታውቅ ነበር ወይ? ታውቃለች፤ ግን በበሽታ በኩል ብቻ። ቀን ጋደም ስትል ሰው ከገባ «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች። ባያማትም ትላለች። ይህን ልብ በሉልን፤ በየቤቱ የምንሰማው ነውና። ያልታመመች ሴት መተኛት ስለማይፈቀድላት፣ ለመተኛት መታመም አለባት።

አንድ ቀን ጠዋት የአማቷን የደም ግፊት ክኒን ሁለት ጊዜ ሰጠች። መስጠቷን ረስታ ደገመችው፤ ያወቀችው ማሸጊያውን ስትቆጥር ነው። ደግነቱ ዝም አላለችም፤ ወዲያው ደውላ ነርሷ መጣች፣ ግፊቱ ቀኑን ሙሉ እየተለካ አማትየው ከአልጋ ሳይነሱ ዋሉ፣ ምንም ሳይሆኑ መሸ። ሴትዮዋ ግን «እኔ ግዴለሽ ሆኜ ነው» ብላ አለቀሰች። ነርሷም «ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ለክኒኑ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማታ የነገውን ክኒን ብቻ ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ፤ ጠዋት ባዶ ከሆነች ተሰጥቷል ማለት ነው። ሌሊቱ ግን በዕቃ አይፈታም።

ነርሷ መጀመሪያ የነካችው ያንን «በየሁለት ሰዓቱ» የሚለውን ነው። ሁለት ሰዓት ለሁሉም የተቆረጠ ሕግ አይደለም፤ የሚወስነው ፍራሹና ቆዳው ነው። ጥሩ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ካለ፣ ቆዳውም ንጹሕ ከሆነ፣ የሌሊቱን ልዩነት ቀስ በቀስ እስከ አራት ሰዓት ማስረዘም ይቻላል፤ ግን ያ በሽተኛውን ካየው ባለሙያ ጋር ተመክሮ ነው። ጎድጉዶ የአልጋው እንጨት በሚቆረቁር ፍራሽ ላይ፣ ወይም ቁስል ባለበት ገላ ላይ አይሞከርም። በዚህ ቤት አንድ ሳምንት በየሦስት ሰዓቱ ሆነ። በየጠዋቱ የጀርባው መጨረሻ፣ የዳሌው አጥንት፣ ተረከዙና ቁርጭምጭሚቱ በብርሃን ታየ።

ቆዳው እንዴት እንደሚታይ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጽሐፍ «ቀላ ካለ» ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከጎኑ ካለው ቆዳ ጋር አወዳድሩ፦ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ መሰለ? በእጅ ጀርባ ሲነካ ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ? ጠጠረ ወይስ ረገበ? ከዞሩ በኋላ ምልክቱ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ልዩነቱ ረዝሟል ማለት ነው፤ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ቦታውን በቅባት ማሸት ደግሞ ይቅር፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ያባብሰዋል። የሴትዮዋ አማት ቆዳ ደህና ሆኖ ስለቆየ በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱ ሦስት ዙር ብቻ ቀረው፦ ምሽት 4፣ ሌሊት 8፣ ንጋት 12። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሷ፣ የ8 ሰዓቱ የልጇ። ከ4 ሰዓት ከ20 እስከ 12 ያለማቋረጥ መተኛት ትችላለች ማለት ነው።

አልተኛችም። የመጀመሪያው ሌሊት ልጁ አያቱን በደከመው እጃቸው ብብት ሥር ይዞ ጎተታቸው፤ ጮኹ። እናትየው እየሮጠች ገባች፤ «ተወው፣ ሂድ ተኛ» አለች። ብዙ ቤት ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። ወንድ ልጅ አይሆንለትም ተብሎ ይዘጋል። የልጁ ጥፋት ግን አልነበረም፤ ማን አሳየውና! ሥራው አራት ዓመት በእሷ እጅ ውስጥ ነበር፤ በቃል ወጥቶ አያውቅም።

በማግስቱ ነርሷ ሴትዮዋን በርጩማ ላይ አስቀመጠቻት፤ እጇን ጭኗ ሥር እንድታደርግ አዘዘቻት፤ በአፏ ብቻ እንድትመራው። አልጋው መጀመሪያ ከግድግዳው ተላቀቀ፤ በሁለቱም ጎን ሰው መቆም አለበት። አንድ አንሶላ ለሁለት ታጥፎ ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው ከሥር ተነጠፈ። ልጁ በአንድ ወገን ቆሞ አንሶላውን ወደ ራሱ በመሳብ አያቱን ወደ ጠርዙ አቀረበ፤ ከዚያ ዞሮ በማዶ ቆመ። ጉልበታቸውን አጠፈ፤ የደከመው እጅ ከገላቸው ሥር እንዳይውል ደረታቸው ላይ አኖረ፤ የራቀውን የአንሶላ ጫፍ ይዞ ወደ ራሱ ሳበ። ገላው ሳይጎተት ከአንሶላው ጋር አብሮ ዞረ፤ ያረፉትም መሃል አልጋ ላይ ነው። ከጀርባቸው ትራስ ገባ፤ ሙሉ በሙሉ በጎን ሳይሆን ግማሽ ዘወር ብለው እንዲተኙ፣ የዳሌው አጥንት ብቻውን ክብደት እንዳይሸከም። ከባታቸው ሥር ሌላ ትራስ፤ ተረከዛቸው አየር ላይ። እናትየው ሁለት ጊዜ እጇን አውጥታ ነበር፤ ሁለቴም ነርሷ «እጅሽ!» አለቻት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ጨርሶ «እማዬ፣ እንዲህ ነው አይደል?» ሲላት፣ እኔ ከምሠራው ይሻላል ማለት አቅቷት «ትራሱ ትንሽ ወደ ታች» አለችው። ትራሱ ልኩ ላይ ነበር።

እጁ ተማረ፤ ጆሮዋ ግን አልተኛም። ሌሊት 8 ሰዓት ሳይሞላ ትነቃለች፣ በሩ ሲጥ ሲል ታዳምጣለች፣ ልጁ ተመልሶ እስኪተኛ ትቆጥራለች። «ዛሬ አታዳምጪ» ቢሏት ምን ይጠቅማል? ለጆሮ ትእዛዝ አይሰጥም፤ ሥራውን የሚረከበው ነገር ግን ይሰጠዋል። የእሷንና የልጁን ክፍል የሚለየውን በር አንኳኳ ማለት ነይ ማለት ሆነ። የሚያንኳኳውም ለተወሰነ ነገር ነው፦ መተንፈስ ካስቸገራቸው ወይም ትን ካላቸው፣ አፋቸው ከጠመመ ወይም ንግግራቸው ከወትሮው ከተለየ፣ ገላቸው በትኩሳት ከተቃጠለ፣ ከአልጋ ከወደቁ። ይህ ተጽፎ በአያትየው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ካላንኳኳ ከዚህ አንዱም የለም። አሥር ቀን ገደማ ፈጀባት፤ ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሌሊት የ8 ሰዓቱን ዙር ሳትሰማው ያልፍ ጀመር።

ቡናም ነበረበት። ጅማ ላይ ቆሞ ስለ ቡና ክፉ መናገር ድፍረት እንደሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም የቡናው ግማሽ ያህል ኃይል ከተጠጣ 5 ሰዓት ካለፈ በኋላም ገላ ውስጥ አለ፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። እሷ ማታ 12 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ትፈልጋለች። የቀኑን ቡና ወደ 8 ሰዓት አመጣችው። የማታውን ታፈላለች፣ ትቀዳለች፣ እሷ አትጠጣም። ጎረቤት ለመልመድ ጊዜ ወሰደበት።

የቀኑ እረፍት ከሌሊቱ ይልቅ አስቸገረ፤ ጸጸቱ ያለው እዚያ ነውና። ሐሙስ ከሰዓት ከ8 እስከ 10 የባሏ እህት እንድትገባ ተስማሙ። የመጀመሪያው ሐሙስ ልብስ አጠበች። ሁለተኛው ሐሙስ ጋደም አለችና ውስጧ «አማትሽን ጥለሽ?» አላት። ነርሷ ያስተማረቻት አንድ ጥያቄ አለ፦ ምን ጎደለ? በስሙ ጥሪው። «8 ሰዓት ላይ ውሃ አልሰጠኋቸውም» ከሆነ መልሱ፣ ያ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ተነሺ፣ ንገሪ፣ ተመልሰሽ ተኚ። ስም የሚወጣለት ነገር ከጠፋ ግን ልማድ ነው። ለልማድ አይነሱለትም። ብትነሳለት በሚቀጥለው ሐሙስ ጠንክሮ ይመጣል፤ ሳትነሳለት ብትቆይ ሩብ ሰዓት ያህል ይንጣትና እየላላ ይሄዳል። አንድ ቀን የሚጠፋ ነገር አይደለም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ነው የሚሄደው።

በአምስተኛው ሐሙስ ጎረቤት ሴት ጤና ልትጠይቅ ገባች። የተዘጋውን በር ገፋ አድርጋ፣ «ውይ እትዬ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?»

ሴትዮዋ አፏ ላይ የነበረውን «ራሴን» ዋጠችው።

«አላመመኝም። ተራዬ ስላልሆነ ነው።»

ጎረቤቲቱ የምትመልሰው አጥታ በሩን ቀስ ብላ መለሰችው። ውጭ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ስትነቃ የባሏ እህት ጓዳ ናት፤ ጀበናውን ከቦታው አንስታ በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። ሴትዮዋ አየችው። አልነካችውም። አማቷ ዘንድ ገብታ ተረከዛቸውን አየች፤ ትራሱ ባታቸው ሥር ነው፣ ተረከዙ አየር ላይ።

ታሪኩ ይህ ነው። እዚህ ፊት ለፊት ባለው አልጋ ላይ አንሶላው ተነጥፏል። አንድ የሚተኛ፣ አንድ የሚያገላብጥ እንፈልጋለን። የሚያገላብጠው ቤት ውስጥ ይህን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ቢሆን ይሻላል፤ ጥግ የያዛችሁ ወንድሞች፣ ወደ እናንተ ነው የምናየው። ልምድ ያላችሁ እናቶች ደግሞ እባካችሁ፣ እጃችሁን ጭናችሁ ሥር አድርጉ።